የደመወዝ ዝርዝር ለባንክ ከመላካችሁ በፊት

ጠቅላላ ብሩ ልክ ስለመጣ ብቻ አትላኩት። የሰው ብዛቱንና የሂሳብ ቁጥሮቹን ድምር ከጸደቀው ዝርዝር ጋር አስተያዩ። የሂሳብ ቁጥር ድምር በራሱ ትርጉም የለውም፤ ግን አንድ አሃዝ ከተሳሳተ ይለያል። ልዩነቱ ለ9 እኩል ከተካፈለ፣ 57 የነበረው 75 ተብሎ ተጽፎ ሊሆን ይችላል።

አንድ ክፉ ስህተት ግን ሦስቱንም ያልፋል። ኤክሴል ላይ የብሩ ዓምድ ብቻውን ሶርት ከተደረገ፣ የሥራ አስኪያጁ ደመወዝ ለጥበቃው ይገባል፤ ድምሮቹ ንቅንቅ አይሉም። ስለዚህ የሂሳብ ቁጥሩን ከብሩ ጋር አባዝታችሁ ደምሩ፦

```
=SUMPRODUCT(--RIGHT(B2:B201,6),C2:C201)
```

B የሂሳብ ቁጥር፣ C ብር ነው፤ 2 እና 201 የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሠራተኛ ረድፎች ስለሆኑ በእናንተ ዝርዝር ልክ ቀይሯቸው። የመጨረሻዎቹን 6 አሃዞች ብቻ የወሰድኩት ኤክሴል ከ15 አሃዝ በላይ በትክክል ስለማይዝ ነው። ይህን በጸደቀውም፣ በመጨረሻ በሚላከው ፋይልም ላይ አስሉት።