24 ከመቶው ከ26ቱ የሚወደድበት ብድር

ሰሞኑን አንድ የፍኖተ ሰላም ልጅ ሁለት የብድር ወረቀት ይዞ መጣ። አሜሪካ ከገባ ገና ወራት ቢሆነው ነው። ለእህቱ ሠርግ 1,000 ዶላር ሊልክ አስቧል፤ የሚከፍለው ግን ዓመት ሲሞላ፣ በአንድ ጊዜ ነው። አንዱ ወረቀት 26 ከመቶ ይላል፤ ወለዱ በዓመት አንዴ ይታሰባል። ሌላው 24 ከመቶ፣ በየወሩ የሚታሰብ። «ጋሼ፣ 24ቱ ይሻለኛል አይደል?» አለኝ።

አይሻለውም። ጎጃም ውስጥ አራጣ የተበደረ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል፦ ያልተከፈለ ወለድ ዋናው ላይ ይደመርና እሱም ወለድ ይወልዳል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። 24ን ለ12 ወር አካፍሉት፣ በወር 2 ከመቶ ይሆናል። በመጀመሪያው ወር 20 ዶላር ይጨመርና ዕዳው 1,020 ይደርሳል። በሁለተኛው ወር 2 ከመቶው የሚታሰበው ከ1,020 ላይ ነው፤ ስለዚህ 20.40 ይጨምራል። በሦስተኛው 20.81። በ12ኛው ወር መጨረሻ ዕዳው 1,268.24 ዶላር ነው። እውነተኛው የዓመት ወለድ 26.82 ከመቶ ሆነ ማለት ነው። የዚያኛው ብድር ዕዳ ግን 1,260 ላይ ይቆማል።

ወር በወር መደመር ካታከታችሁ፣ ስልካችሁ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይበቃል። 1 ጻፉና 12 ጊዜ በ1.02 አባዙት። ከውጤቱ 1 ቀንሱ። ኤክሴል ላይ ደግሞ ይህ ብቻ ነው፦

```
=EFFECT(0.24,12)
```

0.24 በሚለው ቦታ 24 ብላችሁ ከጻፋችሁ የማይመስል ትልቅ ቁጥር ይወጣል፤ ስህተቱ በዚያ ይታወቃል። የባሰው ግን በዓይን የማይታየው ነው። ወለዱ 25 ከመቶ ቢሆን የወሩ 2.0833 ይመጣል። «ያው 2 ነው» ብላችሁ ከቆረጣችሁት 26.82 ታገኛላችሁ፣ ትክክለኛው ግን 28.07 ነው። ክፍልፋዩን እስከ መጨረሻው አትቁረጡ።

ልጁ በየወሩ 20 ዶላሩን ወለድ እየከፈለ ቢሄድ ኖሮ ግን ወለድ በወለድ ላይ አይመጣም፤ በዓመት የሚያወጣው 240 ብቻ ነው። 26.82ቱ የሚመጣው ወለዱ ሳይከፈል ሲከማች ነው። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ወለዱ በየስንት ጊዜው ይታሰባል? ያልከፈልኩት ወለድስ ዋናው ላይ ይደመራል ወይ? ብዙ ክሬዲት ካርዶች በየቀኑ ነው የሚያስቡት። ያኔ ለ365 አካፍላችሁ 365 ጊዜ ታባዛላችሁ፤ 24ቱ ወደ 27.11 ይወጣል።

አሜሪካ ውስጥ ካርድ ላይ APR የሚለው ቁጥር ገና ያልተባዛው ነው። የቁጠባ ሒሳብ ላይ የምታዩት APY ግን ተባዝቶ ያለቀ ነው፤ እንግሊዝ አገር ያላችሁም የምታዩት APR እንደዚሁ ነው። እነዚህን ሁለቱን እንደገና አታባዟቸው።