የኦ.አር.ኤስ ፖስተር ስንሠራ የምንሳሳተው

አንድ ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ስለ ኦ.አር.ኤስ አበጣጠር የተሠራ ኢንፎግራፊክ አይቼ ነበር። ብዙ ሰው ለምለም የሚለው ዱቄት ማለቴ ነው። ቀለሙ ያምራል። ግን ተቅማጥ የያዘው ልጅ ታቅፋ ተራ የምትጠብቅ እናት ምን ይዛ ትሄዳለች?

መጀመሪያ፣ መረጃው በዝቷል። ተቅማጥ በምን እንደሚተላለፍ፣ ዱቄቱ ውስጥ ምን ምን እንዳለ፣ ክትባት፣ የመጸዳጃ ቤት ንጽሕና ሁሉም እዚያው ታጭቋል። እናትየዋ ቤት ስትገባ የምትሠራው ግን ጥቂት ነው። አንዱን ከረጢት ሙሉውን በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ትበጠብጣለች። ልጁ ከ2 ዓመት በታች ከሆነ ባስቀመጠው ቁጥር ከትልቅ ኩባያ ሩብ እስከ ግማሽ ታጠጣዋለች። መጠጣት ካቃተው ወይም ሰገራው ደም ካለው ሳትዘገይ ወደ ጤና ተቋም ትወስደዋለች። ለዚህ የማያግዝ መረጃ ሌላ ፖስተር ይሠራለት።

ሁለተኛው ስህተት ቅደም ተከተሉ ነው። ስድስት ሣጥኖች በሁለት ረድፍ ቆመዋል፤ ቁጥር የላቸውም። በግራ በኩል ከላይ ወደ ታች፦ እጅ መታጠብ፣ ውኃ መለካት፣ ዱቄቱን መጨመር። በቀኝ፦ ማማሰል፣ ማጠጣት፣ የተረፈውን መድፋት። ሠሪው ቁልቁል እንዲነበብ አስቦ ነው። እኛ ግን ከግራ ወደ ቀኝ ማንበብ ለምደናል። እንደዚያ ሲነበብ ልጁ የሚጠጣው ዱቄቱ ሳይገባ ነው! ሣጥኖቹን በአንድ ረድፍ ቁልቁል ደርድሩና ትልልቅ ቁጥር ስጧቸው። ቀስት ብቻውን አይበቃም፤ ከሩቅ አይታይም።

በጣም ያሳሰበኝ ግን የምልክቶቹ ነገር ነው። ለ1 ሊትር የተሣለው ምንም ያልተጻፈበት የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። ሃይላንድ የምንለው ጠርሙስ ደግሞ የግማሽ ሊትርም፣ የ1 ሊትርም፣ የ2 ሊትርም አለ። በግማሽ ሊትር ከተበጠበጠ ጨው ይበዛና ልጁን ሊጎዳው ይችላል። በ2 ሊትር ከሆነ ይቀጥናል፤ የወጣውን ጨው በበቂ አይተካም። ስለዚህ ሥዕሉ ላይ «1 ሊትር» ብላችሁ በትልቁ ጻፉ።

ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋ ለማለት የገባችው የግድግዳ ሰዓትም አታስኬድም። ቆጣሪዎቹ የት ጋ እንዳሉ ያየ ሰው የማጠጫው ሰዓት ይመስለዋል። «ዛሬ የበጠበጡትን ነገ በዚሁ ሰዓት ይድፉት» የሚል አጭር ጽሑፍ ይሻላል። የሚጠጣ ነገር አጠገብ የመርፌ ሥዕል ማድረግም ይቅር።

ከመታተሙ በፊት ተራ ለሚጠብቁ ሦስት ወይም አራት እናቶች አሳዩት። «ገባሽ?» አትበሏት፤ አዎ ነው የምትላችሁ። ባዶ ጠርሙሶች አቅርቡላትና «ቤትሽ ብትሆኚ በየትኛው ትበጠብጫለሽ?» በሏት። የግማሽ ሊትሩን ካነሳች ሥዕሉ ገና አልተስተካከለም።