ሁለት ጫፉ የታሰረ ዘንግ፦ ቶርኩን እንዴት አከፋፈልኩት

ዘንጉ 1 ሜትር ነው፤ ውፍረቱ እኩል፣ ሁለቱም ጫፎቹ የታሰሩ። ከግራው ጫፍ 0.4 ሜትር ላይ 600 ኒውተን ሜትር ቶርክ አርፎበታል። የግራው ጫፍ የሚሸከመውን ቶርክ TA፣ የቀኙን TB አልኳቸው፤ ከሚዛን ያገኘሁት TA + TB = 600 ብቻ ነው። በአንድ እኩልታ ደግሞ ሁለት ያልታወቁ አይፈቱም።

መፍቻውን ያገኘሁት ቶርኩ ያረፈበት ነጥብ ላይ ነው። ዘንጉ እዚያ አልተቆረጠም፤ ስለዚህ ከግራም ከቀኝም ቢሰላ የዞረበት ማዕዘን አንድ ነው። ማዕዘኑ ቶርክ × ርዝመት ÷ GJ ነው፤ G የቁሱን ግትርነት፣ J የዘንጉን ውፍረት የሚወክሉ መጠኖች ናቸው። ቁሱም ውፍረቱም አንድ ስለሆነ GJ ከሁለቱም ወገን ይሰረዝና ይህ ይቀራል፦ TA × 0.4 = TB × 0.6። ግራው 360፣ ቀኙ 240 ወጣ። አጭሩ ወገን ለመጠምዘዝ ስለሚያስቸግር ብዙውን ይሸከማል። መልሱ ተገልብጦ ከመጣ ርዝመቶቹ ተቀያይረዋል ማለት ነው።

ውፍረቱ ከተለያየ ግን J አይሰረዝም። የቀኙ ወገን ዲያሜትር እጥፍ ቢሆን J 16 እጥፍ ያድጋል፤ ያኔ ከ600ው 549 ያህሉ ወደ ቀኝ ይሄዳል።