የተናደደ ግን ሚዛናዊ ሰው የጻፈው የሚመስል የቅሬታ ኢሜይል እንዴት ይጻፋል?

መጀመሪያ ይህን አንብቡት።

«ክቡራን ሆይ፣ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ከድርጅታችሁ በገዛሁት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ላይ በተከሰተው የቴክኒክ ችግር ምክንያት ለከፍተኛ መጉላላትና እንግልት የተዳረግኩ መሆኑን በታላቅ ቅሬታ እየገለጽኩ፣ ችግሩ በተደጋጋሚ ሪፖርት የተደረገ ቢሆንም ተገቢው ምላሽ ያልተሰጠ በመሆኑ፣ አስፈላጊው የመፍትሔ እርምጃ በአፋጣኝ እንዲወሰድልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ለሚደረግልኝ ቀና ትብብር ከወዲሁ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።»

ሰዋስው ላይ ምንም ችግር የለበትም፤ ጨዋም ነው። ግን ማሽኑ ምን ሆነ? መቼ? ሰውየው የሚፈልገው ጥገና ነው፣ ቅያሬ ነው ወይስ ገንዘቡን? አንዱም የለም። ይህን የሚያነብ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ፣ ቅን ቢሆን እንኳ፣ ማድረግ የሚችለው «እባክዎ ዝርዝሩን ይላኩልን» ብሎ መመለስ ነው። በዚያ መሀል ቀናት ይነጉዳሉ። ደግሞም ከጀርባው የተናደደ ሰው አይታይም። ከዚህ በፊት መቶ ጊዜ የተላከ፣ የማሽኑ ስም ብቻ የተቀየረበት ደብዳቤ ነው የሚመስለው።

እንግዲህ እንዴት ይስተካከላል?

ረቂቁን ወደ ጎን አድርጉትና ነገሩን ለቅርብ ጓደኛ እንደምትነግሩት ንገሩት። ድምፅ አውጥታችሁ ብትሉት ይሻላል። ምናልባት እንዲህ ይወጣል፦ «ማሽኑ በበሩ በኩል ውሃ ያፈሳል። ማክሰኞ እንመጣለን ብለው ቀሩ። ከዚያ አንዱ አርብ መጣና ዕቃው የለኝም ብሎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው ጠፋ።» የኢሜይላችሁ አጥንት ይኸው ነው። ቅደም ተከተሉም ልክ ነው፤ የሆነው ነገር በሆነበት ተራ መጥቷል። በመሀል የወረወራችሁት ስድብ ካለ እሱን አውጡና ቀሪውን ጻፉት።

ከዚያ መግቢያውንና መዝጊያውን ቁረጡ። «ሰላም» ወይም «ጤና ይስጥልኝ» በቂ ነው። ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ችግሩ ራሱ ይሁን። «ከወዲሁ አመሰግናለሁ» የሚለውንም እኔ አውጥቼዋለሁ። ገና ምንም ላልተደረገ ነገር ማመስገን ልመና ያስመስላል፤ እናንተ ደግሞ የከፈላችሁበትን ነው የምትጠይቁት።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንግባ። የቢሮ አማርኛ አድራጊውን መደበቅ ይወዳል፦ «ምላሽ አልተሰጠም»፣ «ቀጠሮው ሳይከበር ቀርቷል»። ማን አልሰጠም? ማን አላከበረም? «አልመለሳችሁልኝም»፣ «ባለሙያችሁ አልመጣም» በሉ። ዓረፍተ ነገሩ ያጥራል፣ ኃላፊነቱም ባለቤት ያገኛል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ያያችሁትንና የሰማችሁትን እንጂ የገመታችሁትን አትጻፉ። «ሠራተኛችሁ ዋሸኝ» ብትሉ ክርክሩ ስለ ሰውየው ሐሳብ ይሆናል። «ሠራተኛችሁ በሳምንት ውስጥ ዕቃው ይደርሳል አለኝ፤ አልደረሰም» ብትሉ ግን ማንም ሊከራከራችሁ አይችልም። የሚያናድደው ነገርም ሳይቀንስ ይታያል።

«ከፍተኛ እንግልት» የሚለው ሐረግ ላይም ቆም በሉ። ምን ማለት ነው? ከሥራ ቀርታችሁ ቀኑን ሙሉ ቤት መጠበቅ ከሆነ ያንን ጻፉት። «ታላቅ»፣ «ከፍተኛ»፣ «እጅግ» የሚሉ ቃላት ባሉበት ሁሉ ከሥራቸው አንድ የተደበቀ እውነት ፈልጉ። ካላገኛችሁ ቃሉን ሰርዙት።

ንዴቱስ የት ይግባ? አንድ ቦታ፣ በአጭሩ፣ ከሁኔታው ዝርዝር በኋላ። አንባቢው የሆነውን ካወቀ በኋላ «እውነቱን ለመናገር ተናድጃለሁ» ብትሉ ያምናችኋል። ከፊት ካስቀደማችሁት ገና ምክንያቱን ሳያውቅ ይከላከላል፤ ሦስት ጊዜ ከደጋገማችሁት ደግሞ ጠብ ይመስላል። «የማይረባ ድርጅት» ማለት፣ ቃለ አጋኖ መደርደር፣ የማትፈጽሙትን የክስ ዛቻ መወርወር፣ እነዚህ ሁሉ ጉዳዩን ከማሽኑ ወደ ጠባያችሁ ያዞሩታል። ኢሜይሉን የሚያነበው ሰው ማሽኑን እንዳላበላሸውም አስቡ። በደንብ ያስተናገዳችሁ ሰው ካለ ጥቀሱት። ለማሞካሸት አይደለም፤ ደጉን ከክፉው ለይታችሁ እንደምታዩ ስለሚያሳይ ቀሪው ቅሬታችሁ ይታመናል። እውነት ካልሆነ ግን ይቅር።

መጨረሻ ላይ የምትፈልጉትን በግልጽ ጠይቁ፣ ቀንም ቁረጡለት። «አስፈላጊው እርምጃ» ምን እንደሆነ እናንተ ካልነገራችኋቸው እነሱ የሚቀልላቸውን ይመርጣሉ።

ያ የመጀመሪያው ኢሜይል ይህን ሁሉ ካለፈ በኋላ እንዲህ ይሆናል፦

«ሰላም፣

የካቲት ውስጥ ከእናንተ የገዛሁት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ከሚያዝያ መጨረሻ ጀምሮ በበሩ በኩል ውሃ ያፈሳል። ዋስትናው አላለቀም።

ማክሰኞ ግንቦት 5 ባለሙያ እንልካለን አላችሁኝ። ከሥራ ቀርቼ ቀኑን ሙሉ ጠበቅኩ፤ የመጣም የደወለም የለም። አርብ ግንቦት 15 አንድ ባለሙያ መጣና የበሩ ጎማ መቀየር እንዳለበት ነገረኝ፤ ግን ጎማውን አልያዘም ነበር። በሳምንት ውስጥ ይደርሳል ብሎኝ ሄደ። ዛሬ ሰኔ 3 ነው። ሁለት ጊዜ ደውያለሁ። ስልኩን ያነሳችው ሠራተኛ በትህትና ነው ያነጋገረችኝ፤ ጎማው መቼ እንደሚመጣ ግን እሷም አታውቅም።

እውነቱን ለመናገር ተናድጃለሁ። ዕቃ ይበላሻል፣ ይገባኛል። መጥታችሁ ያያችሁትን ነገር እንደገና ከመጀመሪያው ማስረዳት ግን ሰልችቶኛል።

እስከ አርብ ሰኔ 13 ጎማው ይቀየርልኝ። ያ የማይሆን ከሆነ ማሽኑን ቀይሩልኝ። የትኛው እንደሚሆን እስከዚህ አርብ አሳውቁኝ።

ደረሰኙንና ውሃው ሲፈስ ያነሳሁትን ፎቶ አያይዣለሁ።»

ከመጀመሪያው ይረዝማል፣ ግን ቶሎ ይነበባል። «ይገባኛል» እና «ሰልችቶኛል» ጎን ለጎን መቀመጣቸውንም እዩ። ሚዛናዊነቱን የሚያሳየው የመጀመሪያው ነው፣ ንዴቱን ደግሞ ሁለተኛው።

ሰው የጻፈው እንዲመስል ብላችሁ ሆን ብላችሁ ፊደል አትሳቱ። ቸልተኛ ያስመስላል እንጂ ለዛ አይጨምርም። ይልቅ ጮክ ብላችሁ አንብቡትና ምላሳችሁን የሚያደናቅፈውን ዓረፍተ ነገር ለሁለት ክፈሉት። ፊት ለፊት ብትገናኙ ከአፋችሁ የማይወጣ ቃል ካለ ቀይሩት።

የኢሜይሉ ርዕስ ላይ «ቅሬታ» ብቻ አትጻፉ። «ውሃ የሚያፈስ ማጠቢያ ማሽን፣ ጥገናው ከግንቦት 15 ጀምሮ ቆሟል» በሉና የትዕዛዝ ቁጥሩን ጨምሩበት። የቆረጣችሁት ቀን ካለፈ አዲስ ኢሜይል አትጀምሩ፤ በዚያው ላይ መልሱ። «አርብ አልፏል፣ መልስ አላገኘሁም፤ አሁን ጉዳዩን ለኃላፊው አስተላልፉልኝ» ማለት ይበቃል። ታሪኩ ከሥር ስላለ የሚቀጥለው ሰው ከላይ እስከ ታች ያነበዋል።