ካርታው፣ የግምት ሪፖርቱና የብድር ውሉ ስለ አንድ ቤት እንደሚናገሩ እንዴት ይረጋገጣል?

በጅማ ቤት አስይዞ ከባንክ የሚበደር ሰው፣ ወይም ለዘመዱ ብድር ቤቱን በመያዣነት የሚሰጥ ሰው፣ በውሉ ላይ ከመፈረሙ በፊት ሦስት ሰነዶችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማመሳከር ይኖርበታል። እነዚህም የይዞታ ማረጋገጫ ካርታው፣ መሐንዲሱ ያዘጋጀው የንብረት ግምት ሪፖርት፣ ብዙዎች ኢስቲሜሽን የሚሉት፣ እና የብድርና የመያዣ ውሉ ረቂቅ ናቸው። በማመሳከሩ ሥራ ውስጥ አብዛኛው ሰው የሚስተው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። የግምት ሪፖርቱ የሚጻፈው ካርታው ታይቶ ነው፤ ውሉ ግን ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ከሪፖርቱ ላይ ተገልብጦ ነው። ስለዚህ ገማቹ የቤት ቁጥሩን ወይም ስፋቱን ከተሳሳተ ስሕተቱ እንዳለ ወደ ውሉ ይሻገራል፣ ሪፖርቱና ውሉም ፍጹም የተስማሙ ይመስላሉ። የሁለቱ መስማማት ማረጋገጫ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሁለቱም በየተራ መመዘን ያለባቸው በካርታው ነው።

በመጀመሪያ የካርታውን ዋና ቅጂ ከነፕላኑ ይያዙ። ካርታው በምትክ ወይም በአዲስ መልክ የተሰጠ ከሆነ ቁጥሩ ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል፣ በቤት የተቀመጠው አሮጌ ፎቶኮፒ ለዚህ ሥራ አይበቃም። ከዚያ የውሉን ረቂቅ ሳይከፍቱ በአንድ ባዶ ወረቀት ላይ ካርታው የሚለውን ብቻ ይጻፉ፦ የባለይዞታውን ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የካርታ ቁጥሩንና የተሰጠበትን ቀን፣ ቀበሌውን፣ የቤት ቁጥሩን፣ የቦታውን ስፋት በካሬ ሜትር፣ አራቱን አዋሳኞች፣ ይዞታው ነባር ወይም ሊዝ መሆኑን፣ የተፈቀደውን አገልግሎት፣ በፕላኑ ላይ የተሳሉትንም ቤቶች። ውሉን አስቀድሞ ያነበበ ሰው ካርታው ላይ ያለውን ሳይሆን ውሉ የነገረውን የማየት ልማድ ስላለው፣ ይህን ወረቀት ከሁሉ በፊት ማዘጋጀት ለእኔ ከሥራው ሁሉ ዋናው ክፍል ነው።

ሁለተኛው እርምጃ የስምና የመብት ነው። በጅማ ካርታው በአፋን ኦሮሞ በቁቤ ሲጻፍ ውሉ ደግሞ በአማርኛ ሊሆን ይችላል፤ በመካከል ያለው የፊደል ልዩነት ስሞችን ያበላሻል። በቁቤ የመጀመሪያ ፊደሉ እንደ እንግሊዝኛው ሲ የሆነ ስም በ«ጭ» የሚነበብ ሆኖ ሳለ፣ ቁቤ የማያውቅ ጸሐፊ ጫላን «ካላ» ወይም «ቻላ» ብሎ ሊጽፈው ይችላል። የአስያዡ ስም በካርታው፣ በመታወቂያውና በውሉ አንድ ዓይነት ካልሆነ ጸሐፊው እንዲያስተካክል ይጠይቁ፤ ልዩነቱ በካርታውና በመታወቂያው መካከል ከሆነ ግን መፍትሔው ያለው በውሉ ላይ አይደለምና፣ ስሞቹ የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ማስረጃ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማውጣት ያስፈልጋል። ባለይዞታው ባለትዳር ከሆነና ቤቱ የጋራ ከሆነ ካርታው በአንዱ ስም ብቻ ቢሆንም እንኳ የትዳር ጓደኛው ፈቃድ በፊርማ መኖር አለበት። በውክልና የሚፈርም ሰው ካለ ደግሞ ውክልናው ቤቱን በመያዣነት ለመስጠት ሥልጣን እንደሚሰጥ በግልጽ የሚናገር መሆኑን ያንብቡ፤ ቤቱን እንዲያስተዳድር ብቻ የተሰጠ ውክልና ለዚህ አያገለግልም።

ሦስተኛው እርምጃ ውሉ ያመለከተው ቦታ ያው ቦታ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3048 የመያዣ ውል ንብረቱን በግልጽ እንዲለይ፣ በተለይም የሚገኝበትን ቦታና የንብረቱን ዓይነት እንዲጠቅስ ያዛል። በጅማ ሁኔታ ይህ ማለት ውሉን የሚያነብ እንግዳ ሰው በውሉ ብቻ እየተመራ ቤቱ ደጅ ድረስ መድረስ መቻል አለበት ማለት ነው። «ጅማ ከተማ የሚገኝ መኖሪያ ቤት» የሚል አገላለጽ ይህን አያሟላም፤ ቀበሌው፣ የቤት ቁጥሩና የካርታ ቁጥሩ ሁሉም ሊጻፉ ይገባል።

ከቁጥሮቹ ይልቅ ቸል የሚባሉት አዋሳኞች ናቸው። በአፋን ኦሮሞ «ካባ» ሰሜን ሲሆን «ኪባ» ደቡብ ነው፤ በካርታ ላይ ተቀራርበው ሲጻፉ በቀላሉ ይቀያየራሉ። ለምሳሌ ካርታው በካባ በኩል መንገድ፣ በኪባ በኩል የጎረቤት ይዞታ እንዳለ ቢገልጽና ተርጓሚው ቢያገላብጠው፣ ውሉ በደቡቡ መንገድ ያለውን ቦታ ይገልጻል። በደቡቡ መንገድ ያለው ቦታ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ያለው የሌላ ሰው ቤት ነው። ይህ ስሕተት በወረቀት ላይ የአንዲት ቃል ልዩነት ቢመስልም ከቤት ቁጥር ስሕተት ጋር ከተገናኘ የትኛው ቤት እንደተያዘ ለክርክር በር ይከፍታል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ፕላኑን ይዘው በግቢው መሐል ይቁሙ፣ የሰሜን ቀስቱን ከጠዋት ፀሐይ ጋር አመሳክረው ያስተካክሉ፣ ከዚያም አራቱን አዋሳኞች በዓይንዎ እያዩ በወረቀትዎ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ ምልክት ያድርጉ።

ስፋቱን በተመለከተ ገማቹ በሜትር ለክቶ ያገኘው ከካርታው ጥቂት ሊለይ ይችላል። ካርታው 300 ካሬ ሜትር ካለና ሪፖርቱ 318 ካለ፣ ትርፉ 18 ካሬ ሜትር በካርታው ያልተረጋገጠ ቦታ ነው፤ አጥሩ ወደ መንገድ ወይም ወደ ጎረቤት ገብቶ ሊሆን ይችላል። በውሉ ላይ መጻፍ ያለበት የካርታው ስፋት ነው።

አራተኛው እርምጃ ቤቶቹን ከግምቱ ጋር መቁጠር ነው፤ ገንዘቡ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ የግምቱ ዋና ክብደት የሚያርፈው በግንባታው ላይ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተመረጡ ናቸው። በጊንጆ አካባቢ ያለች አንዲት እናት ቡና ለሚነግድ ልጃቸው የ2,000,000 ብር ብድር ነባር ይዞታቸውን ሊያስይዙ ነው እንበል። ሪፖርቱ ከእርጅና ቅናሽ በኋላ ዋናውን ቤት 2,178,000 ብር፣ የአገልግሎት ቤቶቹን 408,000 ብር፣ በግቢው ጠርዝ ያለውን ሱቅ 729,000 ብር ገምቶ ድምሩን 3,315,000 ብር ያደርሳል። ባንኩ ከግምቱ እስከ 70 በመቶ የሚያበድር ቢሆን ጣሪያው 2,320,500 ብር ነው፤ ብድሩም በቂ መያዣ ያለው ይመስላል።

አሁን ፕላኑን ይክፈቱ። ፕላኑ ላይ የተሳሉት ዋናው ቤትና የአገልግሎት ቤቶቹ ብቻ ናቸው፤ ሱቁ የለም፣ የግንባታ ፈቃድም አልወጣለትም። ሱቁ ሲወጣ ግምቱ 2,586,000 ብር፣ የብድሩም ጣሪያ 1,810,200 ብር ይሆናል። ስለዚህ ከብድሩ ውስጥ 189,800 ብር የቆመው በሰነድ በሌለ ቤት ላይ ነው ማለት ነው። ፈቃድ የሌለው ግንባታ እንዲፈርስ ሊታዘዝ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ባንኩ ተጨማሪ መያዣ ቢጠይቅ ሸክሙ በልጁና በእናቱ ላይ ይወድቃል። እዚህ ላይ ያሉት መንገዶች ሦስት ናቸው፦ ለሱቁ ፈቃድ አውጥቶ በይዞታው ማኅደር ማስመዝገብ፣ ብድሩን ወደ 1,810,200 ብር ዝቅ ማድረግ፣ ወይም ሌላ መያዣ መጨመር። ገማቹ ሱቁን በሪፖርቱ ውስጥ ለይቶ «በፕላን ላይ የለም» ብሎ ቢጽፍ ለሁሉም ይጠቅማል፤ እንዲጽፍለት መጠየቅም የአስያዡ መብት ይመስለኛል።

ይዞታው የሊዝ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር ይታያል። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት የሊዝ መብት በመያዣነት የሚሰጠው በተከፈለው የሊዝ ክፍያ መጠን ነው። ስለዚህ ሪፖርቱ የሊዙን ጠቅላላ ዋጋ እንደ ተከፈለ አድርጎ አስልቶ እንደሆነ ከክፍያ ደረሰኞቹ ጋር ያመሳክሩ።

አምስተኛው እርምጃ ወደ ውሉ ቃላት መመለስ ነው። የመያዣ ውሉ ዋስትና የተገባበትን የገንዘብ መጠን በኢትዮጵያ ብር ካልጠቀሰ ዋጋ እንደማይኖረው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3045 ይደነግጋል፤ መጠኑ በአኃዝና በፊደል የተጻፈ ከሆነ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ቃል በቃል ያንብቡ። ቤቱ የወላጅ ወይም የዘመድ ከሆነ ደግሞ መያዣው የሚሸፍነው ለዚህ ብድር ብቻ ነው ወይስ «ተበዳሪው ወደፊት ለሚወስዳቸው ብድሮች ጭምር» ይላል የሚለውን ይዩ። ይህን የሚያስጠነቅቅ ምልክት በካርታውም በሪፖርቱም ላይ ስለማይገኝ፣ ካላነበቡት አያገኙትም። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኮች ለመያዣ የተሰጣቸውን ንብረት ብድሩ በጊዜው ካልተከፈለ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው በሐራጅ መሸጥ ስለሚችሉ፣ በውሉ ላይ የቀረ ስሕተት በፍርድ ቤት እስኪታረም የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው።

ልዩነት ከተገኘ ውሉ በአዲስ ገጽ ተጽፎ እንዲቀርብ ይጠይቁ። በእስክሪብቶ መሠረዝና መደለዝ ግድ ከሆነ ሁሉም ተዋዋዮች በእያንዳንዱ ማረሚያ ጎን መፈረም አለባቸው። ስሕተቱ የሪፖርቱ ከሆነ ውሉን ብቻ ማረም አይበቃም፤ ሁለቱ በባንኩ ማኅደር አብረው ስለሚቀመጡ ገማቹ የታረመ ሪፖርት በአዲስ ቀን ሊያወጣ ይገባል።

የመጨረሻው እርምጃ የሚፈጸመው በከተማው የመሬት አስተዳደር ነው። ከመፈረም በፊት ቤቱ ከዕዳና ከእግድ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ከዚያ ይወጣል፤ ማስረጃው ላይ ያለው የካርታ ቁጥርም ከወረቀትዎ ጋር ይመሳከር። ከተፈረመ በኋላም መያዣው ውጤት የሚኖረው ንብረቱ ባለበት ስፍራ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ላይ ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ይህም በሕጉ ቁጥር 3052 ተጽፏል። ባንኩ ለምዝገባ የሚልከውን ደብዳቤ ቅጂ ጠይቀው ይውሰዱ። ደብዳቤው በሌላ ጸሐፊ እንደገና የሚተየብ በመሆኑ የካርታ ቁጥሩ፣ የቤት ቁጥሩና የገንዘቡ መጠን ያለምንም ልዩነት መተላለፋቸውን በመጀመሪያ ባዘጋጁት ወረቀት ላይ ዳግም ምልክት እያደረጉ ያረጋግጡ፤ መሥሪያ ቤቱ መመዝገቡን የገለጸበትንም መልስ ከካርታው ቅጂ ጋር አንድ ላይ ያስቀምጡ፤ ብድሩ ተከፍሎ ሲያልቅ ምዝገባውን ለማሰረዝ ሊጠቅም ይችላል።