የሕፃናት ወተት ጣሳ ላይ የተጻፈውን እንዴት እናንብብ?

መጀመሪያ ዕድሜውን ፈልጉ። 1 ቁጥር ከልደት ጀምሮ ላለ ሕፃን ነው፤ 2 ከ6 ወር በኋላ፤ 3 ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዓመት ለሞላው። ቁጥር የሌለው፣ ለቤተሰብ የሚሸጥ ተራ የዱቄት ወተት ከዓመት በታች ላለ ሕፃን አይሆንም፤ ባለሱቁ «ያው ነው» ቢልም አትስሙት።

ቀጥሎ ቀኑን እዩ። ድሬዳዋ ውስጥ የሚሸጠው ከውጭ የመጣ ስለሆነ ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። 03/2027 የሚለውን ኅዳር ብሎ የሚያነብ አለ፤ ማርች ነው፤ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 22 ቀን 2019 ያበቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በማንኪያው ነው። ከጣሳው ውስጥ የሚገኘው መለኪያ ለዚያ ጣሳ ብቻ የተሠራ ነው። አንዱ ወተት ለ30 ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ ማንኪያ ሲል፣ ሌላው ትልቅ ማንኪያ አዘጋጅቶ ለ60 ሚሊ ሊትር አንድ ይላል። በመጀመሪያው 120 ሚሊ ሊትር ውሃ 4 ማንኪያ ይፈልጋል፤ በሁለተኛው 2 ብቻ። ጣሳ ቀይራችሁ በልማድ 4 ብትጨምሩ ወተቱ እጥፍ ይወፍራል። የወፈረ ወተት የሕፃኑን ኩላሊት ይጫናል፣ ውሃም ያሳጣዋል፤ በድሬ ሙቀት ደግሞ ይብሳል። ወተቱን ለማብቃቃት ማቅጠንም ልጁን ያስርባል። ሁልጊዜ ውሃው ይቅደም፤ ጡጦው ላይ 120 ካነበባችሁ በኋላ ዱቄቱን ጨምሩ። ዱቄቱ ከቀደመና እስከ 120 ውሃ ከሞላችሁ ውሃው ያንሳል። ማንኪያውን በቢላዋ ጀርባ አስተካክሉት እንጂ ጠቅጥቃችሁ አትሙሉት።

የዱቄት ወተት ከጀርም የጸዳ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ70 ዲግሪ ባላነሰ ውሃ እንዲበጠበጥ የሚመክረው ለዚህ ነው፤ 1 ሊትር አፍልታችሁ ከ30 ደቂቃ በላይ ሳታቆዩ ተጠቀሙበት። አንዳንድ ጣሳ ለብ ያለ ውሃ ያዝዛል፤ ልጁ ከ2 ወር በታች ከሆነ ወይም ያለጊዜው ከተወለደ የትኛውን እንደምትከተሉ የጤና ባለሙያ ጠይቁ። ከበጠበጣችሁ በኋላ ጡጦውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አብርዱትና አንጓችሁ ላይ ጠብ አድርጋችሁ ሞክሩት።

የተበጠበጠ ወተት ከማቀዝቀዣ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ሕፃኑ ጠጥቶ የተረፈው ይደፋል፣ ማቀዝቀዣም አያድነውም።

ጣሳው ላይ የታተመው ቀን የሚሠራው እስኪከፈት ብቻ ነው። ከተከፈተ በኋላ ያለውን ጊዜ በትንንሽ ፊደል ይጽፉታል፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወር ገደማ ነው። የከፈታችሁበትን ቀን ክዳኑ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ። ዱቄቱን ማቀዝቀዣ ውስጥ አታስገቡ፤ እርጥበት ያጓጉለዋል። ከምድጃና ከመስኮት ርቆ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያው ሥር ካለው ከፍተኛ መደርደሪያ ይልቅ ዝቅ ባለው ላይ ይቀመጥ። ጓጉሎ ወይም ሽታው ተለውጦ ካገኛችሁት፣ ወሩ ባይሞላም ጣሉት።