በጫማና በኢንች የመጣ ፕላን፦ ሴራሚክ ከመግዛታችሁ በፊት

አራት ኪሎ አካባቢ ያለ የአንድ አፓርታማ ሳሎን ላይ ሴራሚክ እያነጠፍን ነበር። ፕላኑን ያሠራው አሜሪካ የሚኖረው የቤቱ ባለቤት ወንድም ስለሆነ ልኩ በሜትር አልነበረም። የሳሎኑ ርዝመትና ወርድ 18'10" በ14'11" ይላል። ቴክ ኦፉን፣ ማለትም የሚያስፈልገውን የዕቃ መጠን ስሌት፣ የሠራው ልጅ 18.10 እና 14.11 ብሎ ካልኩሌተር ላይ አስገባና ሁለቱንም ለ3.28 አካፈለ። ወለሉ 23.7 ካሬ ሆነለት። 10 በመቶ ለብክነት ጨምሮ 26.1 ካሬ አለ። 19 ካርቶን ተገዛ።

ሥራው በሩ ጋ ሲደርስ ሴራሚኩ አለቀ። መርካቶ ስንመለስ የዚያ ምርት ቁጥር አልነበረም። ያገኘነው ዓይነቱ አንድ ሆኖ ቀለሙ ትንሽ ጠቆር ያለ ነው። ሲነጠፍ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ታየ፤ ባለቤቷም በጣም አዘነች። እንዲህ ዓይነቱ ጥፋት የሚመጣው ከአንዲት ነጥብ ነው። በዚያው ሳሎን እያየን እንሥራው።

መጀመሪያ ምልክቶቹን ለዩ። አንዷ ጭረት ጫማ ናት፤ ብዙ ሰው ፊት ይላታል። ሁለቱ ጭረቶች ኢንች ናቸው። አንድ ጫማ 12 ኢንች እንጂ 10 አይደለም። ስለዚህ 18 ጫማ ከ10 ኢንች ማለት 18.10 አይደለም፤ 18.83 ነው። ለካልኩሌተሩ 18.10 እና 18.1 አንድ ናቸው። 10 ኢንቹን እንደ አንድ ኢንች ያህል ነው የቆጠረላችሁ።

ይህ ስህተት ሁልጊዜ አያሳንስም። 6 ኢንችን .6 ብትሉት ልኩ ይረዝማል፤ ትክክለኛው .5 ነውና። አንዱ ጎን ረዝሞ ሌላው ካጠረ ደግሞ ስህተቶቹ ይሸፋፈናሉ። ድምሩ ልክ ይመስላል፣ ጎኖቹ ግን ሁለቱም የተሳሳቱ ናቸው።

ቀጥሎ ሁሉንም ወደ ኢንች አውርዱ። ጫማውን በ12 አባዙና ኢንቹን ደምሩ። 18 ሲባዛ በ12፣ ሲደመር 10፣ 226 ኢንች ይሆናል። ሌላው ጎን 179 ኢንች ነው። አሁን በ2.54 አባዙ። 574 እና 454.7 ሴንቲ ሜትር ታገኛላችሁ። 2.54 ተጠጋግቶ የተወሰደ ቁጥር አይደለም፤ ከ1959 ስምምነት ጀምሮ ልክ እንደዚያው ነው። "ጫማ ማለት 30 ሴንቲ ነው" የሚለውን ግን ለዓይን ግምት ብቻ ያዙት። በ18 ጫማ ላይ ወደ 9 ሴንቲ ይበላባችኋል።

ኤክሴል ላይ ጫማውንና ኢንቹን በተለያየ አምድ ጻፉ። ጫማው A2፣ ኢንቹ B2 ላይ ካለ ሜትሩ እንዲህ ይወጣል፦

```
=(A2*12+B2)*0.0254
```

የሳሎኑ ትክክለኛ ስፋት 5.74 ሲባዛ በ4.547፣ 26.1 ካሬ ነው። አያችሁት? ልጁ ከነብክነቱ ያሰበው ያንኑ ቁጥር ነው። ለቆረጣ ምንም አልቀረም። ሴራሚኩ 60 በ60 ነበር። በአንድ በኩል 10፣ በሌላው 8 ረድፍ ይገባል፤ 80 ፍሬ ማለት ነው። በካርቶን 4 ፍሬ ስለነበር 19ኙ ካርቶን 76 ብቻ ይሰጣል። ሃያው ካርቶን ልክ 80 ይሞላል፤ አንድ ቢሰበር ግን መጠባበቂያ የለም። እኔ ብሆን 21 እገዛለሁ፣ ሁሉንም ከአንድ ምርት ቁጥር።

ከመግዛታችሁ በፊት በሌላ መንገድ አመሳክሩ። 18.83 ሲባዛ በ14.92፣ 281 ካሬ ጫማ ገደማ ነው። ይህን ለ10.76 አካፍሉት፤ 26.1 መምጣት አለበት። እዚህ ላይ ነው ብዙዎች ለ3.28 የሚያካፍሉት። 3.28 ለርዝመት ብቻ ነው። ስፋት ሁለት ጎን ስላለው ሁለት ጊዜ ማካፈል ይፈልጋል። ለአንድ ሳሎን 86 ካሬ ከወጣላችሁ ይህን ስህተት ሠርታችኋል ማለት ነው።

ፕላኑ ራሱ በነጥብ የተጻፈ ከሆነስ? የአሜሪካ የቦታ ፕላኖች ላይ 100.50 ጫማ የሚል ታገኛላችሁ። እሱ እውነተኛ አስርዮሽ ነው፣ 100 ጫማ ተኩል ማለት ነው። በእጅ በተጻፈ ወረቀት ላይ ግን .10 ወይም .11 ካያችሁ ጠርጥሩ፤ ኢንች ሊሆን ይችላል። ቤቱ ከተሠራ ደግሞ አንዱን ጎን በሜትር ለክታችሁ ለዩት።

አንድ ነገር ልጨምር። 4 በ8 የሚባለው ኮምፔንሳቶ 122 በ244 ሴንቲ ነው። የጂፕሰም ቦርድ ደግሞ ብዙ ጊዜ 120 በ240 ይመጣል። 12.20 ሜትር ግድግዳ በ10 ኮምፔንሳቶ ልክ ይሞላል። በ10 ጂፕሰም ግን 20 ሴንቲ ይጎድላል፤ ለዚያች ክፍተት 11ኛ ቦርድ ትገዛላችሁ። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ "4 በ8 ነው" ሲሏችሁ ሜትራችሁን አውጥታችሁ ወርዱን ለኩ።